ጂፒኤን ከስክሪንሹት ላይ ማስላት

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለናል። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። «ፖርታሉ ተሳስቷል እኮ!» ስክሪንሹቱ ላይ አንደኛው ሴሚስተር 2.80፣ ሁለተኛው 3.40 ነው። ደምሮ ለሁለት ሲያካፍለው 3.10 ሆነ። ፖርታሉ ግን 3.12 ይላል።

ፖርታሉ ልክ ነው። የሴሚስተሮቹ ክሬዲት እኩል አይደለም፤ 30 እና 35 ነው። እያንዳንዱን ጂፒኤ በክሬዲቱ ስናባዛ 84 እና 119 ነጥብ መጣ። ድምሩ 203 ለ65 ሲካፈል 3.12 ይሆናል።

ልጁ በሚቀጥለው ሴሚስተር አጠቃላይ ጂፒኤውን 3.25 ማድረስ ይፈልጋል። የሚወስደው 30 ክሬዲት ነው፣ ባለ 5 ክሬዲት ስድስት ኮርስ።

```
3.25 × 95 = 308.75
308.75 − 203 = 105.75
105.75 ÷ 30 = 3.525
```

«በቃ፣ ሁሉንም B+ ነዋ!» አለ። ለጥቂት አይበቃም። B+ በእሱ ግቢ 3.5 ስለሆነ 105 ነጥብ ብቻ ያመጣል፤ ውጤቱ 3.24 ላይ ይቆማል። አንዱን ኮርስ ወደ A- (3.75) ከፍ ካደረገው ግን 3.25 ይሞላል።

የሚያስፈራው C ነው። በአንድ B+ ፈንታ C ከገባ 7.5 ነጥብ ይጎድላል። እሱን ለመሙላት ብቻ ሦስት B+ ወደ A መውጣት አለባቸው። የሚከብደውን ኮርስ አሁኑኑ ለይ አልኩት።