«ግዴለሽ ነው» ብሎ ከመጻፍ በፊት፦ የአፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ አዘገጃጀት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የሪሴፕሽን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ልጅ ቢል እያሳሳተ አስቸገረን። ሥራ አስኪያጁ «ግዴለሽ ነው፣ ራሱን ያሻሽል ብለህ ጻፍለት» አለኝ። እንደዚህ ተብሎ የሚጻፍ ዕቅድ ግን ለማንም አይሆንም። ልጁ ነገ ጠዋት መጥቶ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ እኔም ከሁለት ወር በኋላ ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም ብባል የምመልሰው የለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠር። በሦስት ሳምንት ውስጥ እሱ የዘጋቸውን 60 ቢሎች ከሂሳብ ክፍል ጋር አንድ በአንድ አየናቸው። 12ቱ ስህተት ነበረባቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነው፤ እንግዳው ሬስቶራንት የበላው ወይም ላውንደሪ የሰጠው ሳይደመርበት ሄዷል።

ቀጥሎ መቼ እንደሆነ እይ። ከ12ቱ 9ኙ የተፈጠሩት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ እንግዶች በዚያ ሰዓት ነው የሚወጡት። ልጁን ጠርቼ ስጠይቀው «ጋሼ፣ የእራቱ ወረቀት ሳይደርሰኝ እኮ ነው እንግዳው የሚሄደው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሬስቶራንቱ የማታውን ወረቀት የሚልከው 2 ሰዓት ላይ ነበር። ይህን ሳላይ ብጽፍ ኖሮ የሌላ ክፍል ጥፋት በእሱ ላይ ልጭን ነበር። የቀሩት 3ቱ ግን የእሱ ናቸው፣ ወረቀቱ እጁ ላይ እያለ አልደመረም። ከ9ኙም ቢሆን ሬስቶራንት ደውሎ መጠየቅ የሚችልባቸው ነበሩ።

አሁን ግቡን ጻፍ። እኛ እንዲህ አልን፦ «በየ15 ቀኑ 30 ቢል ይመረመራል። በመጀመሪያው 15 ቀን ስህተት ያለባቸው ከ4 እንዳይበልጡ፣ በሁለተኛው ከ2፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ከ1። የሚቆጥረው የሂሳብ ክፍል ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለላት። አለቃው ራሱ ከቆጠረ ነገሩ ቂም ይመስላል። ግቡንም አታብዛ፣ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። መሀል ላይ ደግሞ አዲስ ግብ አትጨምር።

ከግቡ ሥር ድጋፉ ይግባ፣ ማን እንደሚሰጠውና እስከ መቼ እንደሆነ ጭምር። «አስፈላጊው እገዛ ይደረጋል» ማለት ምንም አለማለት ነው። የእኛ ሦስት ነበር፦ ሬስቶራንቱ የማታውን ወረቀት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ሪሴፕሽን ያደርሳል፤ ነባሯ ካሸር ለአምስት ቀን የጠዋት ፈረቃ አብራው ትቆማለች፤ ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ምን ምን እንደሚያይ የተጻፈች አንዲት ገጽ ጠረጴዛው ላይ ትለጠፋለች።

የግምገማ ቀኖቹንም ከመጀመሪያው ቁረጣቸው። ጥቅምት 20 ጀመርን፣ ለ60 ቀን። ኅዳር 5፣ ኅዳር 20፣ ታኅሣሥ 5፣ ታኅሣሥ 20፤ ሁሌ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ቀን ስትመርጥ ኅዳር 12ን፣ ኅዳር 21ንና ታኅሣሥ 19ን ተዋቸው፣ የበዓል ቀን ማንም ተረጋግቶ አይቀመጥም። ጥምቀት ሳይደርስ ማለቁም ታስቦበት ነው። በጥር ከተማው ሲሞላ አዲስ ነገር የሚማር ሰው የለም።

ልጁ ሲፈርም «ደርሶኛል» ብሎ እንጂ «ጥፋቴን አምኛለሁ» ብሎ አይደለም። ከሥሩም አስተያየቱን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ተውለት።

ኅዳር 5 ስንገናኝ ስህተቱ 5 ነበር፣ ከግቡ በአንድ ይበልጣል። አንድ በአንድ ስናይ 2ቱ ሬስቶራንቱ ወረቀት ባዘገየባቸው ሌሊቶች የመጡ ናቸው፤ ልጁም ደውሎ ጠይቆ እንደነበር በመዝገቡ ላይ አለ። እነሱን አውጥተን 3 ጻፍን፣ ምክንያቱንም ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው፤ የተባለው ድጋፍ ሳይሰጥ ሠራተኛው ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ በየግምገማው መጀመሪያ ድጋፉ መድረሱን ጠይቅ፣ ቁጥሩ ከዚያ ይመጣል። በቀጣዮቹ ዙሮች 2፣ 1፣ 1 ሆነና ታኅሣሥ 20 ዕቅዱ በጽሑፍ ተዘጋ። መዝጊያውን ደብዳቤ ለልጁም ስጠው፣ በኋላ ማንም እንዳያነሳበት።

ባይሻሻልስ? አንድ ጊዜ 30 ቀን ማራዘም ይቻላል፣ ወይም ሌላ ቦታ ማዛወር። ስንብት ከመጣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብብ። የችሎታ ማነስ፣ የኅብረት ስምምነቱ ሌላ ካላለ በቀር፣ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይረጋገጣል ይላል። ማስጠንቀቂያውም የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው። ያን ጊዜ እጅህ ላይ የሚኖረው ማስረጃ እነዚያ አራት የተፈረሙ ቃለ ጉባኤዎች ናቸው።