የተሳሳተ ዕቃ ካደረሱ በኋላ በሚጻፍ የይቅርታ መልእክት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ለልጃቸው ልደት ዓርብ ዕለት የጾም ኬክ አዝዘው፣ የሌላ ሰው የፍስክ ኬክ ደረሳቸው እንበል። ስልክ ደውለው ሲያሳውቁ ኬክ ቤቱ ይህን ያረቅቃል፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ እንጠይቃለን። ትዕዛዝ በዝቶ ስለነበርና ሞተረኛው አዲስ በመሆኑ ሳጥኑ ተቀያይሯል። ሲረከቡ ከፍተው ቢያዩት ኖሮ ወዲያው ይስተካከል ነበር። ቅር አሰኝተንዎት ከሆነ ይቅርታ፤ በቅርቡ እንክስዎታለን።»

የመጀመሪያው ስህተት ጥፋቱን ባለቤት ማሳጣት ነው። ሴትዮዋ የፈለጉትን በግልጽ ስለተናገሩ አለመግባባት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተሳሳተ ኬክ የላከው ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ሌላ ሰው ላይ ማላከክ ነው። ሞተረኛው ታሽጎና ስም ተለጥፎበት የተሰጠውን ሳጥን ነው ያደረሰው፤ የበዛውንም ትዕዛዝ የተቀበለው ኬክ ቤቱ ራሱ ነው። ጥፋቱ በእርግጥ የሞተረኛው ቢሆን እንኳ ደንበኛዋ የከፈሉት ለቤቱ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በውስጥ ይታያል እንጂ መልእክቱ ውስጥ አይገባም።

«ከፍተው ቢያዩት ኖሮ» የሚለው ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል፤ ይቅርታ ጠያቂውን ወደ ከሳሽነት ይለውጠዋልና። «ከሆነ» የሚለውም፣ ቅሬታቸውን በስልክ ለተናገሩ ሰው፣ አላመንንዎትም እንደማለት ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ግን የተዘለለውን ነው። ረቂቁ ኬኩ ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም፤ እንግዶች ሳያውቁ ሊጾሙበት በሚገባ ቀን ሊበሉት ይችላሉ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ሰውም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ ከይቅርታውም ይቀድማል፤ እንግዶቹ ደርሰው ከሆነ ደግሞ ከጽሑፍ በፊት መደወል ይሻላል። «በቅርቡ» የሚለውም ሰዓትና መጠን ይፈልጋል፤ ሰዓቱን ከመጻፍዎ በፊት ግን ጋጋሪውን ይጠይቁ፣ ያልተጠበቀ ቀጠሮ ሁለተኛ ጥፋት ነውና። ድግሱ 10 ሰዓት ላይ ቢጀመር፣ የተስተካከለው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የተከበሩ ደንበኛችን፣ የላክንልዎት ኬክ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስላለበት እባክዎ ለእንግዶች እንዳይቀርብ። የጾም ኬክ አዝዘው የፍስኩን የላክነው እኛ ነን፤ በሳጥኖቹ ላይ ስም ስንለጥፍ አቀያይረናል። በልጅዎ ልደት ቀን ስላስጨነቅንዎት ይቅርታ እንጠይቃለን። አዲስ የጾም ኬክ እየሠራን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቤትዎ ይደርሳል። የከፈሉትን 1,800 ብር በቴሌብር መልሰናል። ኬኩን የማይፈልጉት ከሆነ ይንገሩን፤ ገንዘቡ በማንኛውም መንገድ የእርስዎ ነው።»

ገንዘቡ በእርግጥ ሳይላክ «መልሰናል» ብሎ መጻፍ አይገባም። ሳጥኖቹ ስለተቀያየሩም የጾሙን ኬክ የተቀበለ ሌላ ደንበኛ አለ፤ ለእርሱ የሚላከው መልእክት የራሱን ትዕዛዝና የራሱን መፍትሔ የያዘ እንጂ የዚህ ቅጂ መሆን የለበትም።