የስም መዝገብ ስትገለብጡ ሦስት ዓምድ ያዙ

የካ አባዶ ያለውን የእድራችንን የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ወደ ኤክሴል ስገለብጥ አንዲት እናት ሦስት ሰው ሆነውብኝ ነበር፤ ፀሐይ፣ ጸሃይ፣ ፀሀይ። ስለዚህ ሦስት ዓምድ አብጁ። በመጀመሪያው ስሙን መዝገቡ ላይ እንዳለ፣ ሳታርሙ አስገቡ። በሁለተኛው አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ ሦስቱም «ፀሐይ» ይሁኑ። በሦስተኛው የላቲኑን አጻጻፍ አስገቡ፤ እሱንም ከሁለተኛው ብቻ ውሰዱ፦ Tsehay። ፓስፖርት ላይ ሌላ አጻጻፍ ካለ ለብቻው ይያዝ።

ከላቲን ወደ ፊደል ግን በፍጹም አትመለሱ። Haile ኃይሌም ኃይለም ሊሆን ይችላል። k ደግሞ «ከ»ን ከ«ቀ» አትለይም፤ Bekele ተመልሶ «በከለ» ሲሆን አይቻለሁ። ሲያጠራጥር የመጀመሪያውን ዓምድ ማየት ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻም ሰው አታዋህዱ፤ የአባት ስምና የቤት ቁጥር አመሳክሩ።