ለወላጅና መምህር ስብሰባ ሲዘገዩ ለትምህርት ቤቱ በሚላክ መልእክት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነው፤ የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ደግሞ እያንዳንዱን ወላጅ በቀጠሮ ታነጋግራለች። ለአንድ ወላጅ 10 ደቂቃ ተመድቧል እንበል። የእርስዎ ተራ 3፡00 ላይ ነው፤ እርስዎ ግን 2፡40 ሆኖም መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆመዋል።

መምህርቷ የምትፈልገው ይቅርታዎን ሳይሆን አንድ ውሳኔ ለመወሰን የሚያስችላትን መረጃ ነው፦ ልጠብቅ ወይስ ቀጣዩን ወላጅ ላስገባ? ይህን ካላወቀች ይሉኝታ ይዟት አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ያቺ አምስት ደቂቃ ደግሞ ከእርስዎ በኋላ ያሉትን ወላጆች ሁሉ እየገፋች እስከ ምሳ ሰዓት ትዘልቃለች። ከታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ መምህርቷ ይህን ውሳኔ በወቅቱ እንዳትወስን የሚያደርጉ ናቸው።

"ትንሽ እዘገያለሁ" ብሎ መተው

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። "ትንሽ"፣ "እየመጣሁ ነው"፣ "መንገድ ላይ ነኝ"፣ "ደርሻለሁ" የሚሉት ቃላት ለእኛ ብዙ ይናገራሉ፤ ለመምህርቷ ግን ምንም አይነግሯትም። አምስት ደቂቃ ከሆነ መጠበቅ ያዋጣል፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ከሆነ አያዋጣም። "ደርሻለሁ" የሚለው በተለይ ጎጂ ነው፤ ሰው ገና ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ይጽፈዋል፣ መምህርቷም በር በሩን እያየች ቀጣዩን ወላጅ ውጭ ታቆያለች።

በሰዓት ይጻፉ፦ "3፡25 እደርሳለሁ"። ሰዓቱን ሲገምቱ ከታክሲ የሚወርዱበትን ሳይሆን የክፍሉን በር የሚያንኳኩበትን ያስቡ። ከፌርማታ እስከ ግቢው በር፣ በሩ ላይ ፍተሻና የወላጅ መታወቂያ ማሳየት፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት፤ እነዚህ ተደምረው በቀላሉ 10 ደቂቃ ይበላሉ። ስለዚህ 3፡15 የሚደርሱ ቢመስልዎ 3፡25 ይበሉ። ቀድሞ የደረሰ ወላጅ ውጭ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከተናገረው ሰዓት አልፎ የመጣ ግን ሁለተኛ ተራ ያበላሻል።

ተራው ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ አለመናገር

መድረሻዎን በትክክል ጽፈውም መምህርቷ አንድ ነገር ላታውቅ ትችላለች፦ ተራዎን ለሌላ ብትሰጠው ይከፋዎ ይሆን? እንግዲህ ፈቃዱን ራስዎ ይስጧት። "ተራዬን ለቀጣዩ ይስጡልኝ" የሚል ሦስት ቃል ይበቃል። 10 ደቂቃ በሚፈጅ ተራ 25 ደቂቃ ከዘገዩ የእርስዎ ተራ አልቆ ሁለተኛውም ተገባዷል፣ ሦስተኛው ወላጅ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እርሱ ሲወጣ እገባለሁ ብሎ መጠበቅም ስህተት ነው፤ አራተኛውም በሰዓቱ መጥቷል። ትክክለኛው ጥያቄ "ክፍተት ሲገኝ ወይም መጨረሻ ላይ ቢያስገቡኝ" የሚለው ነው።

ስብሰባው በአዳራሽ የሚደረግ ጠቅላላ ስብሰባ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለመምህርቷ መጻፍም ግድ አይደለም፤ በጸጥታ ገብተው ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ያመለጠዎትን በኋላ ከሌላ ወላጅ ይጠይቃሉ። የመልእክት አስፈላጊነት የሚመጣው ሰው እርስዎን ብቻ በሚጠብቅበት ቀጠሮ ላይ ነው።

በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍ

ግሩፑ ቅርብ ስለሆነ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ወላጅ "እዘገያለሁ" ሲል ሌላው "እኔም" ይላል፣ ሦስተኛው "ስብሰባው ስንት ሰዓት ነበር?" ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ መልካም ቅዳሜ የሚሉ ሥዕሎች ይደረደራሉ። የእርስዎ መልእክት ከላይ ተቀብሮ ይቀራል። ብዙ መምህራን ደግሞ የግሩፑን ድምፅ ያጠፋሉ።

ለመምህርቷ በግል ይጻፉ። በግል መጻፍ የራሱ ችግር አለው፤ ቁጥርዎ እሷ ስልክ ላይ ላይኖር ይችላል፣ የቴሌግራም ስምዎ ደግሞ "የማርያም ልጅ" ወይም አንድ የአበባ ሥዕል ሊሆን ይችላል። "የሊዲያ እናት ነኝ" ማለትም አይበቃም፤ በአንድ ክፍል ሁለት ሊዲያ መኖሩ ብርቅ አይደለም፣ መምህርቷም ሌላ ክፍል ታስተምራለች። የልጁን ስም ከአባት ስም ጋር፣ ክፍሉንና ምድቡን አብረው ይጻፉ።

ከላኩ በኋላ ምልክቱን ይመልከቱ። በቴሌግራም አንድ "ራይት" መልእክቱ ቴሌግራም ዘንድ መድረሱን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሁለት ሲሆን ነው የተነበበው። በዋትስአፕ ደግሞ ሁለት ግራጫ ማለት ስልኳ ላይ ደርሷል ማለት እንጂ አይታዋለች ማለት አይደለም። ቴሌግራሙ በአንድ ምልክት ላይ ከቆመና የቀጠሮው ሰዓት ከቀረበ ሁለተኛ መልእክት አይደርድሩ። ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ዩኒት ሊደሩ ይደውሉ፤ እነሱ ሰው ልከው ይነግሯታል። ለመምህርቷ ራሷ ግን አይደውሉ። ፊት ለፊቷ ስለ ልጁ ውጤት የሚነጋገር ወላጅ ተቀምጧል፣ ስልኩን ብታነሳ እሱን ታቋርጣለች። የድምፅ መልእክትም እንዲሁ ነው፤ ሰው ፊት ከፍታ ልታዳምጠው አትችልም።

ሰላምታው ዋናውን ነገር ሲሸፍነው

ይህ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ማለትም ኤስ ኤም ኤስ፣ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታውና ነጥቡም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ እያንዳንዳቸው 67 ሆሄ በሚይዙ ክፍሎች ይቆራረጣል። ብዙ ስልኮች መልሰው ይገጣጥሙታል፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ግን አንዱ ክፍል ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በቴሌግራም የ70 ገደብ የለም፤ ነገር ግን መምህርቷ ስልኳን ሳትከፍት የምታየው የመጀመሪያውን መስመር ነው።

ይህን የተለመደ መልእክት እንመልከት፦

"እንደምን አደሩ መምህር፣ እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው? ዛሬ ስብሰባ እንዳለ አውቃለሁ ግን መንገዱ በጣም ተዘጋግቶ ትንሽ እዘገያለሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እየመጣሁ ነው።"

የመጀመሪያዎቹ 67 ሆሄያት የሚያልቁት "መንገዱ" የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ነው። መዘግየት የሚለው ሐሳብ ገና አልመጣም። ሙሉውን ብታነበው እንኳን ማን እንደጻፈው፣ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ተራው ምን እንደሚሆን አታውቅም። ይህ ሁሉ መረጃ በ64 ሆሄ እንዲህ ይገባል፦

"የሊዲያ ተስፋዬ፣ 5ኛ ለ፣ እናት ነኝ። ለ3፡00 ቀጠሮ 3፡25 እደርሳለሁ። ተራዬን ለቀጣዩ ይስጡልኝ።"

ሰላምታ የሌለበት መልእክት ያልተገራ መስሎ ከታየዎ ሰላምታውንና ይቅርታውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ በኤስ ኤም ኤስ ቢቆረጥ የሚዘገየው እሱ ይሆናል። አክብሮቱ ግን ከግሱ አይጥፋ፤ ልጅዎን የምታስተምር መምህርት በዕድሜ ብታንስም "ይስጡልኝ" እንጂ "ስጪልኝ" አይባልም።

ምክንያትም እንዲሁ። "መንገድ ተዘግቶብኝ" ወይም "ሥራ ይዞኝ" ይበቃል። ከዚያ በላይ ማብራሪያ የሚነበብበት ጊዜ የለም። የሌለ ሕመም መፍጠር ደግሞ በኋላ ልጁን ያጋልጠዋል፤ መምህርቷ ሰኞ ዕለት "እናትህ ተሻላት?" ብላ በቅንነት ትጠይቀዋለች።

ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፉ አለመለየት

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች የስብሰባ ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ፣ ሰዓቱንም "9:00 AM" ብለው ይልካሉ። ወላጁ "3፡25 እደርሳለሁ" ሲል በአማርኛ ስለሆነ መምህርቷ ትረዳዋለች። ችግሩ የሚመጣው ወላጁ በእንግሊዝኛ ሲጽፍና የሀገራችንን ሰዓት ሲያስገባ ነው፤ 3:25 የሚለው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከቀትር በኋላ ይሆናል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ማስታወቂያው በተጻፈበት አቆጣጠር ይመልሱ። የጠዋት 3፡25 በእንግሊዝኛ 9:25 AM ነው፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው።

በአሜሪካ ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ወገኖች ሌላም ነገር ይጨመራል። እዚያ እንግሊዝኛ ለማይቀናው ወላጅ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አስተርጓሚውም የሚያዘው ለተወሰነ ሰዓት ነው። በመልእክቱ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ የተያዘልዎ መሆኑን ካልጠቀሱ መምህሩ ቀጠሮዎን በቅንነት ወደ ማታ ያሸጋግርልዎና አስተርጓሚው በሌለበት ሊገናኙ ይችላሉ።

ተወካይ ልኮ አለማሳወቅ

መዘግየቱ ከግማሽ ሰዓት የሚያልፍ ከሆነ አንዳንድ ወላጅ የልጁን አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ይልካል። መምህርቷ የማታውቀውን ሰው ስለ ልጁ ውጤትና ጠባይ ላታነጋግር፣ ካርዱንም ላትሰጥ ትችላለች፤ ትክክልም ናት። የሚመጣውን ሰው ሙሉ ስምና ዝምድና ቀድመው ይጻፉ፣ መታወቂያ እንዲይዝ ይንገሩት፣ "ካርዱን ለእሱ መስጠት ይቻላል?" ብለውም ይጠይቁ። አይቻልም ከተባለ ተወካይ መላኩ ትርፉ ድካም ስለሆነ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ቀን ይለምኑ።

ሰዓቱ ሲቀየር ዝም ማለት

3፡25 ብለው ከጻፉ በኋላ 3፡20 ላይ ገና ከሰልፉ ካልወጡ፣ የመጀመሪያውን መልእክት አርመው አይለውጡት፤ ቴሌግራም ላይ የታረመ መልእክት አዲስ ጥሪ ስለማያሰማ ሳታየው ትቀራለች። አዲስ ይላኩ፦ "የሊዲያ ተስፋዬ እናት፦ መድረሻዬ 3፡50 ሆኗል።" ሹፌር እርስዎ ከሆኑ መኪናውን ጥግ አቁመው ይጻፉት።