ማረጋገጫው ትክክል ነው፣ አንዷ መስመር ግን ምክንያት የላትም፦ ስንት ማርክ ይሰጠው?

አራት ኪሎ አካባቢ ከመምህራን ጋር ቡና የጠጣ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ጥያቄው «√6 ኢራሽናል መሆኑን አረጋግጡ» ይላል። የሚታረመው ከ10 ነው። ተማሪዎቹ አንደኛ ዓመት ናቸው። የ√2 ማረጋገጫ ክፍል ውስጥ ተሰርቷል። «የሁለት ኢንቲጀሮች ብዜት ለአንድ ፕራይም ቁጥር ከተካፈለ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ለዚያ ፕራይም ይካፈላል» የሚለውም ተሰርቷል። ከዚያ እንዲህ የሚል መልስ ይመጣል፦

«√6 ራሽናል ነው እንበል። √6 = a/b ይሁን፤ a እና b ኢንቲጀሮች ናቸው፣ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ a² = 6b²። a² ለ6 ይካፈላል። ስለዚህ a ለ6 ይካፈላል። a = 6c ይሁን። 36c² = 6b²፣ ማለትም b² = 6c²። ስለዚህ b ለ6 ይካፈላል። a እና b የጋራ አካፋይ አላቸው፤ ይህ ተቃርኖ ነው። √6 ኢራሽናል ነው።»

አንድም ውሸት የለበትም። መስመሮቹ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው የተቀመጡት። «a² ለ6 ይካፈላል፣ ስለዚህ a ለ6 ይካፈላል» የምትለው ላይ ግን ምክንያት አልተጻፈም። አንዱ መምህር 10 ይሰጣል፣ ሌላው 5። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚከራከሩት።

ምልክት 1፦ እጅህ ሙሉ ማርክ ሊጽፍ ይሄዳል፣ የሆነ ነገር ግን ይይዝሃል

*መንስኤው።* መልሱን የምታነበው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ የጎደለውን ታውቃለህ። ዓይንህ ሲያልፍ ክፍተቷን ራስህ እየሞላሃት ነው። የተጻፈውንና አንተ የጨመርከውን ለመለየት መስመሯን ለብቻዋ ማውጣት ያስፈልጋል።

*መፍትሄው።* መስመሯን ከመልሱ ነቅለህ ራሷን የቻለች አባባል አድርገህ ጻፋት፦ «ማንኛውም a ቢሆን፣ a² ለ6 ከተካፈለ a ለ6 ይካፈላል።» ከዚያ በ6 ቦታ ሌላ ቁጥር አስገባና ትቆም እንደሆነ እይ።

በ4 እንሞክር። a = 2 ብንል a² = 4 ነው። 4 ለ4 ይካፈላል፤ 2 ግን ለ4 አይካፈልም። አባባሏ ወደቀች። አሁን ያንን የተማሪ መልስ ሳትነካው፣ 6 ያለበት ሁሉ 4 አድርገህ አንብበው። a² = 4b²፣ ስለዚህ a ለ4 ይካፈላል፣ a = 4c፣ 16c² = 4b²፣ b² = 4c²፣ ስለዚህ b ለ4 ይካፈላል፣ ተቃርኖ። √4 ኢራሽናል ነው! √4 ግን 2 ነው።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በመልሱ ውስጥ √6ን ከ√4 የሚለየው ያች ምክንያት ያልተሰጣት መስመር ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ለሁለቱም እኩል ይሠራል። ስለዚህ «ትንሽ ነገር ናት፣ ትለፍ» የሚለው አያስኬድም። ሸክሙን የተሸከመችው እሷ ናት።

ፈተናው በተቃራኒው የሚወጣበት ጊዜም አለ። ተማሪው ከ36c² = 6b² ወደ b² = 6c² ሲሄድ «ሁለቱንም ወገን ለ6 አካፍዬ» ብሎ አልጻፈም። ያም ምክንያት ያልተሰጠው እርምጃ ነው። ቁጥሩን ብትለውጠው ግን ምንም አይፈርስም። ለእሱ ማርክ መቀነስ ማንገላታት ነው።

ምልክት 2፦ መስመሯ ሸክም እንደያዘች አውቀሃል፣ ግን ስንት እንደምትቀንስ አታውቅም

*መንስኤው።* ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች አንድ መስለው ነው። አንዱ እውነት ሆኖ ምክንያት ያልተጻፈለት እርምጃ ነው። ሌላው ውሸት የሆነ እርምጃ ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው።

ጥያቄው √6 ሳይሆን √12 ቢሆን ኖሮ ያው መልስ «a² ለ12 ይካፈላል፣ ስለዚህ a ለ12 ይካፈላል» ይል ነበር። ይህ ውሸት ነው። a = 6 ብንል 36 ለ12 ይካፈላል፣ 6 ግን አይካፈልም። √12 ግን በእርግጥም ኢራሽናል ነው። ድምዳሜው እውነት፣ መንገዱ የተሰበረ። ያንን መልስ ማዳን የሚቻለው በሌላ መንገድ ነው፤ 12ን ትቶ 3ን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለ√12 መልስ ማርክ የሚገኘው ከአጀማመሩና ከአካሄዱ ሐሳብ ብቻ ነው፤ እኔ ከ10 ከ3 በላይ አልሰጠውም።

በ√6 መልስ ግን እርምጃዋ እውነት ናት። ለማሟላት የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ «a² ለ2 ይካፈላል፤ 2 ፕራይም ስለሆነ a ለ2 ይካፈላል። a² ለ3 ይካፈላል፤ 3 ፕራይም ስለሆነ a ለ3 ይካፈላል። 2 እና 3 ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው a ለ6 ይካፈላል።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከተማሩት ሳይወጣ። ሌላ ምንም መነካት የለበትም።

*መፍትሄው።* ማርኩን ከመቀነስህ በፊት አከፋፍለው። ለዚህ ጥያቄ እኔ የምመርጠው ይህ ነው፦ ለአጀማመሩ 2፣ a² = 6b² ለማለት 1፣ a ለ6 መካፈሉን ከነምክንያቱ 3፣ b ላይ ለመድረስ 2፣ ተቃርኖውን በግልጽ ለመናገር 2። ከላይ ያለው ተማሪ ከ3ቱ 1 ያገኛል፤ ትክክለኛውን እርምጃ አይቷታልና። ድምሩ 8 ይሆናል።

b ላይ ያው ክፍተት ተደግሟል። እዚያ ድጋሚ አይቀነስም። አንድ ጉድለት አንዴ ነው የሚቀጣው፤ ለዚህም ነው 3ቱ a ላይ የተከመሩት።

10 የሚሰጠው መምህር «ተማሪው ቢጠየቅ ይመልሰዋል» ይላል። ሊመልሰው ይችላል። ላይመልሰውም ይችላል፤ ወረቀቱ ሁለቱን አይለይልንም። የሚታረመው የተጻፈው ነው። 5 የሚሰጠው ደግሞ ለ√12 ወደሚገባው ቅጣት የተጠጋ ቅጣት ለ√6 እየሰጠ ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። አንዳንዱ ተማሪ ምክንያት ይጽፋል፣ ምክንያቱ ግን «6 ፕራይም ስለሆነ» ነው። ይህ ዝም ካለው ይብሳል ወይስ ይሻላል? እኔ ይብሳል ባይ ነኝ። ዝም ያለው አውቆ ዘሎት ሊሆን ይችላል። ይህኛው ግን አለማወቁን ጽፎ አስረክቦናል። ከ3ቱ ምንም አልሰጠውም፤ ድምሩ 7 ይሆናል። ባልደረቦቼ «ቢያንስ ምክንያት እንደሚያስፈልግ ገብቶታል» ብለው 8 ይሰጣሉ። የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። ዋናው ነገር እርማት ሳይጀመር ተስማምቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማድረግ ነው።

ምልክት 3፦ ያው መልስ ጠዋት 8፣ ማታ 6 አገኘ

*መንስኤው።* የመልስ ቁልፉ ላይ ሙሉው ማረጋገጫ አምሮ ተጽፏል። የትኛዋ መስመር ምክንያት የግድ እንደሚያስፈልጋት ግን አልተጻፈም። ስለዚህ አራሚው በድካሙና በስሜቱ ልክ ይወስናል።

*መፍትሄው።* ከክምሩ ጥቂት ወረቀቶች አውጥተህ ማርክ ሳትጽፍ አንብብ። ተማሪዎች የሚዘሏት መስመር ወዲያው ትታያለች። ከዚያ በመልስ ቁልፉ ጠርዝ ላይ «ምክንያት ከሌለ 1/3» ብለህ ጻፍና ጀምር። አንድን ተማሪ ከጥያቄ 1 እስከ መጨረሻ ከማረም፣ አንዱን ጥያቄ በሁሉም ወረቀት ላይ ማረም ይሻላል። በጭንቅላትህ ውስጥ ያለው መለኪያ አይቀያየርም።

ልዩ መልሶችን ግን ተጠንቀቅ። አንዳንድ ጎበዝ 6ን አይነካውም። a² = 6b² ካለ በኋላ «a² ለ2 ይካፈላል፣ 2 ፕራይም ስለሆነ a ለ2 ይካፈላል» ብሎ a = 2c ይላል። 4c² = 6b²፣ ማለትም 2c² = 3b²። «3b² ለ2 ይካፈላል፣ 3 ግን አይካፈልም፤ ስለዚህ b ለ2 ይካፈላል።» አለቀ። ይህ ሙሉ 10 ነው። የ6ን መስመር ፈልጎ ያጣ አራሚ ይህንን በስህተት እንዳይቀንስበት።

ኮርሱም ይወስናል። ያው √6 የሦስተኛ ዓመት የአልጀብራ ኮርስ ውስጥ የአንድ ትልቅ ጥያቄ ቁራጭ ሆኖ ቢመጣ፣ «a² ለ6 ይካፈላል፣ ስለዚህ a» የምትለው ያለ ምክንያት ትታለፋለች። እዚያ የሚፈተነው እሷ አይደለችም።

ምልክት 4፦ ተማሪው ለኮምፕሌን መጣ

«መምህር፣ a ለ6 ይካፈላል ያልኩት እውነት አይደለም እንዴ? ለምን ቀነሱብኝ?»

*መንስኤው።* ወረቀቱ ላይ ያገኘው ቀይ «?» ብቻ ነው። ጥያቄ ምልክት ምንም አይነግረውም። «ተሳስተሃል» የተባለ ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም፣ ስለዚህ ይናደዳል። ቢናደድም እውነት አለው።

*መፍትሄው።* በመስመሯ አጠገብ «እውነት ነው፤ ግን ለምን? በ4 ሞክረው» ብለህ ጻፍ። ጥቂት ቃል ናት። ቢሮ ከመጣ ደግሞ ወረቀቱን ለራሱ ስጠውና 6ን በ4 እየተካ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርገው። ብዙዎቹ «√4 ኢራሽናል ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ይቆማሉ። ከዚያ «የት ላይ ነው የፈረሰው?» በለው። መስመሯን በጣቱ ያሳይሃል።

አልፎ አልፎ ተማሪው ትክክል ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ «የሁለት የተለያዩ ፕራይሞች ብዜትን ባለፈው ሳምንት ቱቶሪያል ላይ ሠርተነዋል» ብሎ ደብተሩን ያወጣል። ደብተሩን እየው። እውነት ከሆነ ተማሪው የታወቀ ውጤት ነው የተጠቀመው፤ ሙሉ 3ቱን ያገኛል። ያኔ የእሱን ወረቀት ብቻ አስተካክለህ አትሸኘው። ከዚያ ቱቶሪያል የመጡትን ወረቀቶች ሁሉ መልሰህ አውጣና ያችን መስመር ያለ ምክንያት ለጻፉት በሙሉ 2 ጨምርላቸው፣ ቢሮ ላልመጡትም ጭምር።