ምሳ ዕቃው ማይክሮዌቭ ውስጥ ለምን ተበላሸ?

እህቴ ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ ትሠራለች። ጠዋት የቋጠረችውን ምስር ወጥ ቀትር ላይ በመሥሪያ ቤቷ ማይክሮዌቭ ታሞቃለች። አንድ ቀን የምሳ ዕቃዋ ክዳን ተቆልምሞ፣ ውስጡ ደግሞ በዘይቱ ልክ ነጭና ሸካራ ቀለበት ወጥቶበት መጣ። «ከሥሩ 5 ቁጥር አለበት፤ 5 ሙቀት ይችላል ተብሏል» ብላ ተከራከረችኝ። ቁጥሩን በትክክል አንብባለች። ያላነበበችው የክዳኑን ነው።

ክዳኑ ሲቆለመም፦ ከዕቃው ሥር ቀስቶች በሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ቁጥር ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ብቻ ይናገራል፤ ዕቃውና ክዳኑም ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የእህቴ ዕቃ 5፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግን 4 ነበር። ለዚህ ለስላሳ ፕላስቲክ የትኩስ ወጥ እንፋሎት ብቻውን ይበቃዋል። መፍትሄው ክዳኑን አንሥቶ በላዩ ሳህን መክደን ነው።

ነጭ ቀለበት ሲወጣ፦ ኮምቦልቻ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደሴ ከፍ ስለሚል 92 አካባቢ። ውሃ እየፈላ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ አይዘልም። ዘይትና ቅቤ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የላቸውም። ዘይቱ ከወጡ በላይ ይንሳፈፋል፣ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ስስ ወጥ ይደርቃል፣ እዚያች ቦታ ሙቀቱ እየወጣ ሄዶ 5 ቁጥሩንም ይጎዳል። ስለዚህ ሾርባና ሩዝ የሚችል ዕቃ ዘይት የበዛበትን ወጥ ላይችል ይችላል። ወጡን ወደ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ሳህን መገልበጥ ይሻላል። ሌላ ሳህን ከሌለ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሮ በመካከለኛ ኃይል አንድ አንድ ደቂቃ እያማሰሉ ማሞቅ ነው።

የበርበሬው ቅላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቀለሙ በዘይት ሟሙቶ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል እንጂ የጉዳት ምልክት አይደለም። መለያው ጥፍር ነው፦ ልሙጥ ከሆነ ቀለም ብቻ ነው፤ ጥፍር ከያዘ ገጹ ተቦርቡሯልና ለምግብ አይሁን። የእህቴ ዕቃ አሁን የቁልፍና የክር ማስቀመጫ ሆኗል።

የውሃ ጠርሙስ ትኩስ ወተት ሲፈስበት ሲኮማተር፦ ጠርሙሱ 1 ነው፤ ከ70 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል ይለሰልሳል። ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ይያዝበት። 6 ቁጥርን፣ ማለትም ነጩን የምግብ መጠቅለያ ፎም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፤ ሙቀትና ቅባት አንድ ላይ ሲሆኑ አይችልም።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ዕቃው የማይሆንበት ጊዜም አለ። የቀለም ባልዲ 5 ወይም 2 ሊሆን ይችላል፤ ታጥቦም ቢሆን ሊጥ አይቦካበትም። ዕቃው ለምግብ መሠራቱን የሚናገረው የብርጭቆና የሹካ ሥዕል እንጂ ሦስት ማዕዘኑ አይደለም።