ከአንድ ትሪ አብረው ሲበሉ የራስን ድርሻ ካሎሪ እንዴት መገመት ይቻላል

በመልስ ቤት አራት ሰዎች አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ ማን ምን ያህል እንደ በላ ለመለየት ያስቸግራል። ለየብቻ የቀረበ ሳህን የለም፤ ወጡ ከወጥ ጋር ተገናኝቷል፤ ሥሩ ያለው እንጀራ መረቁን ጠጥቷል፤ መሀል ላይ ደግሞ ጉርሻ ይመጣል። የስልክ መተግበሪያ ላይ «ዶሮ ወጥ» ብለን ብንፈልግ አንድ ቁጥር እናገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ቁጥር የእኛ ድስት ውስጥ ስንት ማንኪያ ቅቤ እንደ ገባ አያውቅም። ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ክብደቱን የሚቆጣጠርም ሰው ከድግስ ሲመለስ የዚያን ቀን መዝገብ ባዶ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ባዶ መተው ግን አያስፈልግም። በእኛ ገበታ ላይ አብዛኛው ካሎሪ ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የእንጀራው ክብደት፣ ሌላው በወጡ ውስጥ ያለው ዘይትና ቅቤ። እነዚህን ሁለቱን በደንብ የያዘ ሰው ጎመኑንና ሰላጣውን በግርድፉ ቢገምት እንኳ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ እንጀራ ይመዝኑ

የወጥ ቤት ሚዛን ይውሰዱና ዘወትር የሚበሉትን አንድ ሙሉ እንጀራ ይመዝኑ። አንድ መቶ ግራም እንጀራ በግምት 150 ካሎሪ አለው። እንጀራዎ 330 ግራም ከመዘነ 500 ካሎሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ጤፉ ነጭ ይሁን ሰርገኛ፣ ገብስ ወይም ማሽላ ቢቀላቀልበትም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ክብደቱ ነው፤ ስለዚህ ዱቄቱን ከመጠየቅ መመዘን ይሻላል።

እዚህ ላይ ዓይን ክፉኛ ያታልላል። ስፋቱ 55 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጀራ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነው ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ይመስላል፤ ውፍረታቸው አንድ ከሆነ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው በላስቲክ ታሽጎ የሚገዛው እንጀራ ብዙውን ጊዜ እዚህ ቤት ከሚጋገረው ያነሰ ነው። እሽጉን መዝኖ ውስጡ ላለው የእንጀራ ቁጥር ማካፈል ይበቃል። ሌላ ቦታ የሰማውን ቁጥር ለራሱ እንጀራ መውሰድ ግን ትልቅ ስሕተት ውስጥ ይከተዋል።

ቀጥሎ ድስቱን ይጠይቁ

ቅባት በዓይን አይገመትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የነጠረ ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ እንጀራ ሩብ ያህል ነው። ወጥ ውስጥ ተበትኖ ሲገባ ግን አይታይም። ስለዚህ የሚጠየቀው የሠራችው ሴት ናት። ለድግስ የሚሠሩ ሴቶች የሚያወሩት በኪሎና በሊትር በመሆኑ መልሱ ዝግጁ ነው። «ለአንድ ዶሮ ስንት ሽንኩርት፣ ስንት ዘይት፣ ስንት ቅቤ ገባ?» ቢሏት ወዲያው ትነግርዎታለች። አክስቴን ስጠይቃት የነገረችኝ ይኸውና፤ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሩብ ሊትር ዘይት፣ ሩብ ኪሎ የነጠረ ቅቤ፣ 200 ግራም በርበሬ፣ 12 እንቁላል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ሽንኩርቱ 800፣ ዘይቱ 2,070፣ ቅቤው 2,200፣ በርበሬው 600፣ እንቁላሉ 780፣ አጥንቱ ወጥቶለት 700 ግራም የሚሆነው የዶሮ ሥጋ 900 ካሎሪ ያህል ናቸው። ድምሩ 7,350 ነው። ዶሮ በወጉ 12 ብልት ስለሚወጣው አንድ ብልት ከአንድ እንቁላልና ከመረቁ ድርሻ ጋር 610 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የመጣው ከዘይቱና ከቅቤው ነው። ፈረሰኛ ደረሰኝ ወይስ ክንፍ ብሎ ማሰብ ለክብር ይጠቅም ይሆናል፤ ለካሎሪው ግን የመረቁን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ቅቤን በሚመለከት አንድ ጥያቄ መጨመር ያስፈልጋል። የተመዘነው ከመነጠሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለጋ ቅቤ ውስጡ ውኃ ስላለ በኪሎ የሚሰጠው ካሎሪ ከነጠረው ያንሳል። አክስቴ የነገረችኝ የነጠረውን ነው። «ሩብ ኪሎ ለጋ ገዝቼ አንጥሬ ጨመርኩ» ብትል ኖሮ የቅቤውን ቁጥር ከ2,200 ወደ 1,800 አወርደው ነበር።

የሚጠየቅ ሰው ከሌለ ወጡን ይመልከቱ። በደንብ የተቁላላ ወጥ ዘይቱን ወደ ላይ ያወጣል። ቡፌ ላይ ደግሞ ይህ ሌላ ጣጣ አለው። ወጡ በሙቀት ተይዞ ሲቆይ ቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከላይ የቀዳ ሰው ብዙ ቅባት ይወስዳል፣ ከሥር የቀዳ ሥጋና ቁሌት ያገኛል። ከመቅዳትዎ በፊት በጭልፋው አንድ ጊዜ ቢያማስሉት የሚወስዱት ከድስቱ አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ ግምትዎም ይስተካከላል። በስጋ ወጥ አንድ ጭልፋ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅባት አለ ብሎ መያዝ ለድግስ ወጥ ብዙውን ጊዜ ያስኬዳል፤ መረቁ ላይ ቀይ ዘይት ተለይቶ ከታየ ግን ሁለት ይቁጠሩ።

ጥሬ ሥጋና ክትፎም በዚሁ መንገድ ይለያያሉ። 150 ግራም ቀይ ሥጋ በቁርጥ ቢበላ 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ያው ሥጋ ተከትፎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ሲገባበት 560 ይደርሳል። የሥጋው መጠን አልተለወጠም።

ከመብላትዎ በፊት ትሪውን ይቁጠሩ

እጅ ታጥበው ሲቀመጡ ሦስት ነገር ይያዙ፤ ሥሩ የተነጠፈው እንጀራ ስንት ነው፣ በጎን የቀረበው ጥቅል የእንጀራ ስንተኛ እጅ ነው፣ ስንት ሰው ይበላል። ጥቅሉ እንደ ቤቱ ግማሽም ሩብም ሊሆን ስለሚችል አንዱን ዘርግቶ ማየት ነውር የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚረዳን ሥርዓታችን ራሱ ነው። ሰው ከፊት ለፊቱ ይበላል፤ ትሪውን አቋርጦ ከሌላው ፊት አያነሳም። ስለዚህ በአራት ሰው ትሪ ላይ ከፊትዎ ያለው ሩብ የእርስዎ ሳህን ነው ማለት ይቻላል። ከሥር ያለውን እንጀራና ወጡን በዚህ ያካፍሉ። ጥቅሉን ግን ማካፈል አያስፈልግም፤ ያነሱትን መቁጠር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥቅሉን ሳይሆን ሥሩን ነው። መጨረሻ ላይ መረቅ የጠጣውን እንጀራ እየቆረሱ መጉረስ ጣፋጭ ነው፤ የወጡ ቅባት አብዛኛው የተቀመጠውም እዚያ ነው።

ጉርሻ የሌላ ሰው ድርሻ ወደ እርስዎ የሚሻገርበት መንገድ ነው። እንጀራውና ወጡ ተደምሮ አንዱን 80 ካሎሪ አድርጎ መያዝ ጥሩ ግምት ነው። የሰጡትን ከተቀበሉት ይቀንሱ።

አንድ ትሪ ከነሂሳቡ

በአንድ መልስ ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን። ሥሩ ሁለት እንጀራ ተነጥፏል፤ በጎን ግማሽ ግማሽ እንጀራ የሆኑ ስድስት ጥቅሎች ነበሩ። ስንነሳ ከሥሩ ሩብ እንጀራ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ስለዚህ የተበላው አንድ ከሦስት ሩብ ለአራት ሲካፈል ለእኔ ከግማሽ ጥቂት ያነሰ ይደርሰኛል። ሁለት ጥቅል አንስቻለሁ፤ እሱ አንድ ሙሉ እንጀራ ነው። በጠቅላላ 1.44 እንጀራ፣ 720 ካሎሪ።

ከዶሮው አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላልና ከፊቴ የነበረውን መረቅ በላሁ፤ 610። ከሥጋ ወጡ ሁለት ጭልፋ ለአራታችን ስለ ወጣ የእኔ ግማሽ ጭልፋ ነው። አንድ ጭልፋ ከሥጋውና ከቅባቱ ጋር 240 ስለሚሆን 120 ጻፍኩ። አይቡ 40፣ ጎመኑ 50። ሁለት ጉርሻ ተቀብዬ አንድ አጎረስኩ፤ ስለዚህ 80 ጨመርኩ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 125። ድምሩ 1,745 ሆነ።

ይህን ቁጥር እንዳለ መጻፍ ትክክል አይመስለኝም። ጭልፋው በሚዛን አልተለካም፤ መረቁም ለአራቱ እኩል አልፈሰሰም። አንድ አምስተኛ ወደ ታችና ወደ ላይ ሰጥቼ «ከ1,400 እስከ 2,100» ብዬ መዘገብኩት። ሠሪዋ ሳትጠየቅ በዓይን ብቻ በተገመተ ትሪ ላይ ይህ ክፍተት ከዚህም መስፋት አለበት።

የኢንሱሊን መጠናቸውን በምግቡ ልክ የሚወስኑ ሰዎች ይህን ድምር ለዚያ ሊጠቀሙበት አይገባም። ለእነሱ የሚቆጠረው ካርቦሃይድሬቱ ነው፤ በዚህ ትሪ ላይ ደግሞ እሱ በዋናነት እንጀራውና ለስላሳው ውስጥ ነው። አቆጣጠሩን ከሐኪማቸው ጋር መያዝ አለባቸው።

በጾም ቀን ስሌቱ ያው ነው። ቅቤው ይወጣል፣ ዘይቱ ይቀራል። ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ከቅቤ በካሎሪ አያንስም፤ «የጾም ነው» ተብሎ የሚቀነስ ነገር የለም።

ግምትዎ ትክክል መሆኑን ለመፈተሽ ከድግሱ የተላከልዎትን ወጥ ይጠቀሙ። ሳያሞቁ በሚዛን መዝነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ጠዋት ላይ ላዩን ይጋግራል፤ በማንኪያ ገፍፈው ለብቻው ይመዝኑት። በእያንዳንዱ ግራም 9 ካሎሪ ይቁጠሩ። በዘይት ብቻ የተሠራ ወጥ አይረጋም፤ እሱን ሳህኑን አዘንብለው የተለየውን ዘይት በማንኪያ እየቀዱ መቁጠር ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ቁሌቱ ውስጥ የሚቀር ቅባት ስለሚኖር የሚያገኙት ቁጥር ዝቅተኛው ነው።